ሥራው ጨምሮ ደመወዙ ባለበት ሲቀር፦ መምህርቷ ለዳይሬክተሩ የምትጽፈው ደብዳቤ

ኅዳር ላይ አንድ መምህር ሥራ ይለቃል። ዳይሬክተሩ በእረፍት ሰዓት ስታፍ ሩም ጎራ ብሎ "እስኪ ለጊዜው እነዚህን ስድስት ክፍለ ጊዜዎች ያዢልን፤ ሰው እየፈለግን ነው" ይላል። ታኅሣሥ ያልፋል፣ ጥር ያልፋል፣ የሚፈለገው ሰው አይመጣም። የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲለጠፍ ስድስቱ ክፍለ ጊዜዎች በመምህርቷ ስም ሰፍረዋል። አጠገባቸው ደግሞ የትምህርት ክፍል ተጠሪነትና የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ተጨምረዋል። ደመወዙ ግን መስከረም ላይ የነበረው ነው።

በዚህ ጊዜ የሚጻፈው የደመወዝ ማስተካከያ ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ ሳያገኝ ፋይል ውስጥ ይቀራል። ጥያቄው አግባብ ስላልሆነ አይደለም፤ ደብዳቤው የተጨመረውን ሥራ ስለማይቆጥረው ነው። ከዚህ በታች የምናየው በአዲስ አበባ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የምታስተምር መምህርትን ጉዳይ ነው። ቁጥሮቹን ለማሳያ የወሰድናቸው ሲሆኑ ሕጉና ስሌቱ ግን እውነተኛ ናቸው።

ለምን የግል ትምህርት ቤት?

በመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ደመወዝ የመጨመር ሥልጣን የለውም። ደመወዝ የሚወሰነው በመንግሥት ስኬልና በመምህራን የደረጃ ዕድገት መሰላል ነው። ስለዚህ የመንግሥት መምህርት ለርዕሰ መምህሯ ብትጽፍ ልታገኝ የምትችለው የክፍለ ጊዜ ቅነሳ፣ የሥራ ድልድል ማስተካከያ ወይም ለደረጃ ዕድገት የሚያገለግል የሥራ አፈጻጸም ማስረጃ ነው። እነዚህም ዋጋ አላቸው፤ ግን የደመወዝ ድርድር አይደሉም።

የግል ትምህርት ቤት መምህርት የምትተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ደመወዟ የሚመነጨው ከቅጥር ውሏ ስለሆነ በስምምነት ሊለወጥ ይችላል። ይሁንና እዚህም ቢሆን ዳይሬክተሩ ብቻውን አይወስንም። ደብዳቤውን ተቀብሎ ጠርዙ ላይ ማስታወሻ ጽፎ ለሰው ሀብት ወይም ለባለቤቱ ይመራዋል፤ የፋይናንስ ኃላፊዋም ታየዋለች። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሰው መምህርቷን በክፍል ውስጥ አይቷት አያውቅ ይሆናል። ደብዳቤው እሷ በሌለችበት ቢሮ ሁሉ ስለ እሷ ሆኖ መናገር ስላለበት አንድ ገጽ ቢሆን፣ ማንም ሳያስረዳለት የሚገባ ቢሆን ይመረጣል።

ከመጻፉ በፊት ምን መሰብሰብ አለበት?

መጀመሪያ የሚፈለገው የቅጥር ውሉ ነው። ውሉ ላይ "ሳምንታዊ 22 ክፍለ ጊዜ" የሚል ቁጥር ካለ መነሻው እሱ ነው። ብዙ ውሎች ግን "ትምህርት ቤቱ የሚመድባትን ሥራ ሁሉ ትሠራለች" በሚል ሐረግ ይደመደማሉ። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የሚያነሳውም ይህንኑ ሐረግ ነው። ውሉ ቁጥር ከሌለው መነሻ የሚሆነው መስከረም ላይ የወጣው የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው፤ ደመወዙ ስምምነት የተደረገበት በዚያ የሥራ መጠን እንደነበር ያሳያልና።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሥራው መጨመሩን የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። "ለጊዜው ያዢልን" የተባለው በቃል ነው፤ በቃል የተሰጠ ሥራ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ "በራሷ ፈቃድ ነው የሠራችው" ሊባል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሥራው በተሰጠ ሰሞን ለዳይሬክተሩ "በሰጡኝ ትእዛዝ መሠረት ከኅዳር 1 ጀምሮ የ8ኛ ለ እና የ8ኛ ሐ ክፍሎችን ስድስት ክፍለ ጊዜዎች ይዣለሁ" ብሎ በቴሌግራም መላክ ይበቃል። ያ ካለፈ ደግሞ አዲሱ የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ በእጇ የተሞላው ማርክ ሊስት፣ የፈረመችበት የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ቅዳሜ የፈረመችበት የመምህራን መቆጣጠሪያ ሁሉም ያገለግላሉ። የእነዚህ ኮፒ ከደብዳቤው ጋር በአባሪነት ይያያዛል።

"ትርፍ ሰዓት ይከፈለኝ" ማለት ለምን አያዋጣም?

ብዙ ደብዳቤዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። በአዋጁ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት የሚባለው ከመደበኛው ሰዓት በላይ የተሠራው ነው። መምህርቷ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ግቢ ውስጥ የምትቆይ ከሆነ የተጨመሩት ስድስት ክፍለ ጊዜዎች የሚያርፉት በዚያው ቀን ውስጥ፣ ቀድሞ ደብተር በምታርምበትና ዕቅድ በምታዘጋጅበት ባዶ ሰዓት ላይ ነው። ሥራው ከበዳት፤ የወጣባት ሰዓት ግን በወረቀት ላይ አልጨመረም። ደብተሩ ወደ ቤት መሄዱን የሚመዘግብ ደግሞ የለም።

የቅዳሜው ጉዳይ ከዚህም የባሰ ይምታታል። "ቅዳሜ ስለሆነ እጥፍ ይከፈላል" የሚል እምነት አለ። አዋጁ እጥፍ የሚያስከፍለው በሳምንት የዕረፍት ቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት ሲሆን፣ የዕረፍት ቀን የሚባለው በመደበኛው እሑድ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ 40 ሰዓት ለሠራች መምህርት የቅዳሜ ሦስት ሰዓት ቢደመር 43 ይሆናል፤ ገና ከ48 በታች ነው። ውሉ ወይም የትምህርት ቤቱ የሥራ ደንብ የሥራ ቀናቱን ከሰኞ እስከ ዓርብ ብሎ ካልወሰነ በስተቀር ትርፍ ሰዓት ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል።

ትርፍ ሰዓት ነው ቢባል እንኳ ገንዘቡን እናስላው። ደመወዟ 11,000 ብር ነው። በሳምንት 48 ሰዓት ሲታሰብ በወር 208 ሰዓት ስለሚመጣ የአንድ ሰዓት ዋጋ 52 ብር ከ88 ሳንቲም ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፤ 79 ብር ከ33 ሳንቲም ይሆናል። በወር ለ12 ሰዓት ማጠናከሪያ ትምህርት የሚደርሳት 952 ብር ገደማ ነው። ወላጆች ለማጠናከሪያው ለብቻው የሚከፍሉ ከሆነ ይህ ገንዘብ ከሚሰበሰበው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። "ትርፍ ሰዓት" የሚለውን ቃል የጻፈች መምህርት ጥያቄዋን በዝቅተኛው ዋጋ ራሷ ወስናለች ማለት ነው።

እንግዲያስ ጥያቄው በምን ላይ ይቁም?

በውሉ ላይ። የአዋጁ አንቀጽ 15 በአዋጁ ያልተወሰኑ የውል ሁኔታዎች የሚለወጡት በኅብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ ወይም በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት እንደሆነ ይደነግጋል። በ11,000 ብር 22 ክፍለ ጊዜ ለማስተማር የተዋዋለች መምህርት 28 ክፍለ ጊዜ እያስተማረች ከሆነ ውሉ በተግባር ተለውጧል፤ በጽሑፍ ግን አልተለወጠም። ደብዳቤው የሚጠይቀው ይህ ልዩነት እንዲስተካከል ነው። ገበያ ሄዶ በ22 ብር 22 ብርቱካን ገዝቶ 28 ይዞ የወጣ ሰው ለስድስቱ እንደሚጠየቀው ያለ ነው። ነጋዴው የሚጠይቀው የስድስቱን ዋጋ እንጂ ስለ ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አያወራም።

ስሌቱም ከዚህ ይወጣል። 11,000 ብር ለ22 ሲካፈል አንድ ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ በወር 500 ብር ያወጣል። ስድስቱ 3,000 ብር ናቸው።

የትምህርት ክፍል ተጠሪነት እንዲህ በቀጥታ አይቆጠርም፤ ወደ ደቂቃ ማውረድ ግን ይቻላል። የአምስት መምህራንን ሳምንታዊ ዕቅድ ማየትና ማረም ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ቢወስድ 100 ደቂቃ ነው። ሳምንታዊው የትምህርት ክፍል ስብሰባ 60 ደቂቃ። ድምሩ 160 ደቂቃ፣ ማለትም የአራት 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች ያህል፤ 2,000 ብር። ይህ ስሌት ቁጥብ ነው፤ የፈተና ጥያቄዎችን መሰብሰብና ማጣራት፣ በመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ ሮስተር ከመሞላቱ በፊት የውጤት ማመሳከር አልገባበትም። ቁጥብ መሆኑ ግን ይጠቅማል፤ የፋይናንስ ኃላፊዋ መዝና የምትቀንሰው አታገኝም።

ደመወዝ ወይስ አበል?

ሁለቱን አንድ አድርጎ መጠየቅ የተለመደ ስህተት ነው። ደመወዝ ከሥራው ጋር የሚቆይ መደበኛ ክፍያ ሲሆን የጡረታ መዋጮ የሚቆረጠውም ከእሱ ነው። አበል ኃላፊነቱ እስካለ ድረስ ይከፈላል፤ ተጠሪነቱ ለሌላ ሲሰጥ ይቆማል። አዋጁም የተለያዩ አበሎችንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን ከደመወዝ ትርጉም ውጪ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ በደመወዝ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላ ጥቅም ሲመጣ አበሉ አይቆጠርም።

ከዚህ ተነስቶ ሦስቱን ሥራዎች በሦስት መንገድ መጠየቅ ይሻላል። የተጨመሩት ክፍለ ጊዜዎች የመምህርነቱ ሥራ ናቸውና በደመወዝ ላይ ይግቡ። ተጠሪነቱ ሊነሳ የሚችል ኃላፊነት ስለሆነ በአበል ይሁን። የቅዳሜው በተገኘችበት ቀን ልክ ለብቻው ይታሰብ። አሠሪዎችም እንዲህ የተከፋፈለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ቢያንስ አንዱን ለመፈጸም ይቀላቸዋል፤ በጅምላ "ደመወዜ 18,000 ይሁን" ሲባል ግን መልሱ "አቅም የለንም" ብቻ ነው።

እጇ የሚገባውንም አስቀድማ ማወቅ አለባት። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የገቢ ግብር ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ብር ያለው ደመወዝ 30 በመቶ ግብር ይከፈልበታል፤ ሠራተኛዋ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ትከፍላለች። ስለዚህ ከ11,000 ወደ 14,000 ብር ብታድግ ከ3,000ው ውስጥ 900 ለግብር፣ 210 ለጡረታ ይሄድና 1,890 ብር ይተርፋታል። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ 11 በመቶ መዋጮ ስለሚጨምር ወጪው 3,330 ብር ነው። "3,000 የተጣራ ነበር የመሰለኝ" የሚል ቅሬታ በኋላ እንዳይመጣ ደብዳቤው ላይ "ያልተጣራ" የሚለው ቃል ይግባ።

ደብዳቤው ምን ይመስላል?

> ቀን፦ ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለ፦ ……… ትምህርት ቤት ዋና ዳይሬክተር
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ ለተጨመሩ ሥራዎች የደመወዝና የአበል ማስተካከያ ስለመጠየቅ
>
> ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤቱ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ መምህርት ሆኜ በማገልገል ላይ እገኛለሁ። በቅጥር ውሌ የተመለከተው የማስተማር ድርሻ በሳምንት 22 ክፍለ ጊዜ ሲሆን የወር ደመወዜ ያልተጣራ 11,000 ብር ነው።
>
> ከኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ የለቀቁትን መምህር በመተካት ስድስት ክፍለ ጊዜ ተጨምሮልኝ በሳምንት 28 ክፍለ ጊዜ እያስተማርኩ ነው። ከየካቲት ወር ጀምሮ የሳይንስ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ሆኜ የአምስት መምህራንን ሳምንታዊ ዕቅድ አያለሁ፤ የትምህርት ክፍሉን ስብሰባ እመራለሁ። እንዲሁም ዘወትር ቅዳሜ ሦስት ሰዓት የማጠናከሪያ ትምህርት እሰጣለሁ። ሥራዎቹ በተመደቡበት ወቅት ክፍያን በተመለከተ የተደረገ የጽሑፍ ስምምነት የለም።
>
> ስለሆነም፦ ለስድስቱ ክፍለ ጊዜዎች ከውሉ በሚወጣው ስሌት (11,000 ÷ 22 = 500 ብር) በወር 3,000 ብር ያልተጣራ በደመወዜ ላይ እንዲጨመርልኝ፤ ለተጠሪነቱ በወር 2,000 ብር አበል እንዲወሰንልኝ፤ የቅዳሜው ሥራ በቀን ሒሳብ ክፍያ እንዲተመንለት እጠይቃለሁ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ ለተሠሩት የአምስት ወራት ተጨማሪ ክፍለ ጊዜዎችም ውሳኔ እንዲሰጥልኝ አመለክታለሁ።
>
> የትምህርት ቤቱ በጀት ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ድርሻዬ ወደ 22 ክፍለ ጊዜ እንዲመለስና ተጠሪነቱ ለሌላ መምህር እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከ ሚያዝያ 30 ቀን ድረስ ለመወያየት ቀጠሮ ቢሰጠኝ ዝግጁ ነኝ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ስምና ፊርማ)
>
> አባሪ፦ የቅጥር ውል፣ የመስከረምና የየካቲት የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ የቅዳሜ መቆጣጠሪያ ቅጂ

ደብዳቤው ስለ ኑሮ ውድነት አላነሳም። የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ እውነት ናቸው፤ ግን የሁሉም መምህራን ናቸው። ባለቤቱ "ለእሷ ከጨመርኩ ለሠላሳው ሁሉ ልጨምር ነው" ብሎ እንዲያስብ የሚያደርገው ይህ ነው። የተጨመረ ሥራ ግን የእሷ ብቻ ነው። የሌላ መምህር ደመወዝም አልተጠቀሰም፤ "እገሌ ይህን ያህል ያገኛል" የሚለው ክርክሩን ወደ ስታፍ ሩም ሐሜት ያወርደዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው አማራጩን የያዘው አንቀጽ ነው። "ካልተጨመረልኝ እለቃለሁ" ማለት ዛቻ ነው፤ "ካልተቻለ ሥራው ወደ ውሉ ይመለስ" ማለት ግን ዳይሬክተሩን በሁለት አማራጮች መካከል ያስመርጠዋል። ክፍለ ጊዜውን ቢመልስ ሌላ መምህር መቅጠር አለበት፤ የዚያን ወጪ ከ3,330 ብር ጋር ራሱ ያነጻጽራል።

መቼና እንዴት ይግባ?

የግል ትምህርት ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ክፍያ ከወላጆች ጋር የሚነጋገሩትና የመምህራንን ውል የሚያድሱት ዓመቱ ሳያልቅ ነው። ሐምሌ ላይ የገባ ደብዳቤ የሚያገኘው የተዘጋ በጀት ነው። ሚያዝያ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አላለቀም፣ የመስከረሙ ሒሳብ ገና እየተሠራ ነው።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ መዝገብ ቤት ሲገባ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎ ይመለስላታል። መዝገብ ቤት የሌለው ትንሽ ትምህርት ቤት ከሆነ ጸሐፊዋ "ተቀብያለሁ" ብላ ቀን ጽፋ ብትፈርም ይበቃል። በዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ተትቶ የተመጣ ደብዳቤ ግን "አልደረሰኝም" ለሚለው መልስ በር ይከፍታል።

መልስ ባይሰጥስ?

አዋጁ አሠሪውን ደመወዝ ጨምር ብሎ አያስገድድም፤ ወደፊት የሚጨመረው በስምምነት ነው። ያለፉት ወራት ክፍያ ግን የጊዜ ገደብ አለበት። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ ክፍያው ማግኘት ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የኅዳር ወር ሒሳብ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይዘጋል፤ ታኅሣሥ ደግሞ ሰኔ ላይ። ብዙ መምህራን የሚሳሳቱት ደብዳቤ ማስገባት ይርጋውን ያቆመዋል ብለው ነው። አያቆመውም። የሚያቋርጠው ለሥራ ክርክር ሰሚ አካል ክስ ማቅረብ፣ ለሚመለከተው የሥራና ክህሎት ቢሮ አቤት ማለት፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ማመኑ ነው። "ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ ሰኔ ላይ እንከፍላለን" የሚል የተፈረመ መልስ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። "እያየነው ነው" የሚለው ግን ወራቱን ከመብላት በቀር ምንም አያመጣም።

ያለፈው ክፍያ ወደ ክርክር ቢሄድ፣ የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። በዋጋው ላይ ቀድሞ ስምምነት ስላልተደረገ ከወደፊቱ ጥያቄ ይልቅ የሚያከራክረው ይህ ነው፤ ስለዚህ በድርድሩ ላይ ልትለቀው እንደምትችለው ነጥብ አድርጎ ማየት ይቻላል። ቅሬታ አቀረብሽ ብሎ ማሰናበት ግን በአዋጁ ሕጋዊ የስንብት ምክንያት አይደለም።

መልሱ አዎንታዊ ሆኖ ሲመጣ ሦስት ነገር ይታያል። ጭማሪው ከየትኛው ወር ጀምሮ ነው? ደመወዝ ነው ወይስ አበል? አዲሱ የክፍለ ጊዜ ቁጥርስ ተጽፏል? "ከመስከረም 2019 ጀምሮ ደመወዝሽ 14,000 ብር ሆኗል" የሚል ደብዳቤ የክፍለ ጊዜ ቁጥር ከሌለው፣ መስከረም ላይ ድልድሉ 32 ሆኖ ሲወጣ መከራከሪያ አይኖራትም። ስለዚህ ከመፈረሟ በፊት "ለሳምንታዊ 28 ክፍለ ጊዜ" የሚሉት ቃላት እንዲገቡ ታስጽፍ።